ማርኮቭኒኮቭ አልተሳሳተም፦ አልኪን ላይ ውኃ ሲጨመር OH ያልጠበቅነው ካርቦን ላይ ለምን ይገኛል?

ወረቀትና እርሳስ ያዙና ይቺን ጥያቄ ጻፏት።

```
(CH3)2CH-CH=CH2  +  H2O  --(H2SO4)-->  ?
```

3-ሜቲል-1-ቢዩቲን ነው። አሲድ ባለበት ውኃ እንጨምርበታለን። ምን ይወጣል?

አብዛኛው ተማሪ እጁ ፈጣን ነው። የማርኮቭኒኮቭን ሕግ ያስታውሳል፤ ሃይድሮጅኗ ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርቦን፣ OH ደግሞ ወደ ሌላኛው ብሎ 3-ሜቲል-2-ቢዩታኖል ይጽፋል። መልሱ ግን በዋናነት 2-ሜቲል-2-ቢዩታኖል ነው። ልብ በሉ፣ OH የተቀመጠው ድርብ ቦንዱ ጭራሽ ያልነበረበት ካርቦን ላይ ነው!

እኔም ሁለተኛ ዓመት ላይ ፈተና ላይ ሳትኩትና "ይሄኛው ከሕጉ ውጪ ነው" ብዬ ሸምድጄው አለፍኩ። ለሚቀጥለው ጥያቄ ምንም አልጠቀመኝም፤ ምክንያቱም ከሕጉ ውጪ የሆነ ነገር የለም። ማርኮቭኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ገደማ የተናገረው ሃይድሮጅኗ የት እንደምታርፍ ነው፤ እሷም እሱ የተናገረው ቦታ ላይ ነው ያረፈችው። ውጤቱን የሚቀይረው ከዚያ በኋላና ውኃው ከመግባቱ በፊት ባለችው ቅጽበት የሚሆነው ነገር ነው። ስለዚህ ከአልኪኑ በቀጥታ ወደ አልኮሉ አትዝለሉ። መሃል ላይ ካርቦካታዮኑ ጋ ቁሙ።

(አንድ ነገር ቶሎ ልበል፦ እዚህ አልኪን የምለው ድርብ ቦንድ ያለውን ነው። ሦስት ቦንድ ያለው አልካይን ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።)

ደረጃ 1፦ ካርቦኖቹን ቁጠሩ፣ ሃይድሮጅኖቹን ሁሉ ጻፉ

ዚግዛግ መስመር ብቻ ሥላችሁ አትጀምሩ። መስመሩ ላይ ሃይድሮጅኖቹ አይታዩም፣ የዛሬው ታሪክ ደግሞ በሙሉ የተደበቀች አንዲት ሃይድሮጅን ላይ ነው።

```
C1: =CH2
C2: =CH-
C3: -CH(CH3)-
C4: -CH3
```

C3ን ተመልከቱት። አንድ ሃይድሮጅንና ሁለት ሜቲል ይዟል (አንዱ ሜቲል C4 ራሱ ነው)። ይህን ካርቦን አክብቡት፣ እንመለስበታለን።

ደረጃ 2፦ ፕሮቶኑን ጨምሩና ቁሙ

አሲድ ያለበት ውኃ ውስጥ ፕሮቶኑን የሚሰጠው H3O+ ነው። የድርብ ቦንዱ ፓይ ኤሌክትሮኖች ወጥተው ይይዙታል። C1 ላይ ካረፈ ቻርጁ C2 ላይ ይቀራል። C2 ላይ ካረፈ ደግሞ ቻርጁ C1 ላይ ይወድቃል፣ ያ ፕራይመሪ ካርቦካታዮን ስለሆነ አይሆንም። ስለዚህ የሚፈጠረው ይሄ ነው፦

```
(CH3)2CH-CH(+)-CH3
```

ሰከንደሪ ካርቦካታዮን ነው። ይህ እርምጃ የሪአክሽኑ ዝግተኛው እርምጃም ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በጣም ፈጣን ነው።

እዚህ ጋ እርሳሱን አስቀምጡ። የምሬን ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው እጅ ሳያቆም OH ለመጻፍ ሲሮጥ ነው።

ደረጃ 3፦ ጎረቤቶቹን ጠይቁ

ቻርጅ ያለበት ካርቦን C2 ነው። ጎረቤቶቹ C1ና C3 ናቸው። ለእያንዳንዱ ጎረቤት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ቻርጁ ወደዚህ ካርቦን ቢሄድ የተሻለ ካርቦካታዮን ይሆናል ወይ?

C1 ጋ ቢሄድ ፕራይመሪ ይሆናል። ያ ደግሞ ይብሳል፣ ተዉት። C3 ጋ ቢሄድስ? C3 ሦስት ካርቦኖች ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁለቱ ሜቲሎችና C2። ስለዚህ ተርሸሪ ይሆናል ማለት ነው። የተሻለ ነው፣ ያውም በብዙ። በጋዝ ሁኔታ የተለካው በሰከንደሪና በተርሸሪ መካከል ያለው ልዩነት በሞል ወደ 15 ኪሎካሎሪ ይጠጋል፤ ውኃ ውስጥ ልዩነቱ ይጠብባል እንጂ አይጠፋም።

ተርሸሪው ለምን ይሻላል? ቻርጅ ያለበት ካርቦን ባዶ ፒ ኦርቢታል አለው። አጠገቡ ያሉት የC-H እና የC-C ቦንዶች ኤሌክትሮናቸውን በከፊል ወደዚያ ባዶ ቦታ ያዋጣሉ። ብዙ ጎረቤት ካለ መዋጮው ይበዛል፣ ቻርጁም ይሳሳል። ሃይፐርኮንጁጌሽን የሚባለው ይሄ ነው። እንደ እቁብ አስቡት፤ የሚያዋጣው ሰው ሲበዛ ጫናው አንድ ሰው ላይ አይወድቅም።

ደረጃ 4፦ ሃይድሮጅኗን ከነኤሌክትሮኖቿ አዛውሩ

ቻርጁ ራሱ አይሄድም። የሚሄደው C3 ላይ ያለችው ሃይድሮጅን ናት፣ ወደ C2። የምትሄደውም ቦንዱን የሠሩትን ሁለቱን ኤሌክትሮኖች ይዛ ነው። ስለዚህ ፕሮቶን ሳትሆን ሃይድራይድ ናት፤ እርምጃውም ሃይድራይድ ሺፍት ይባላል። ኤሌክትሮኖቹን ያጣው C3 ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ቻርጁም በዚያ ምክንያት እሱ ላይ ይታያል።

```
(CH3)2CH-CH(+)-CH3   -->   (CH3)2C(+)-CH2-CH3
```

ቀስቱን ስትሥሉ ከH ፊደል አታስጀምሩት። ከC3-H ቦንዱ መሃል ይነሳና C2 ላይ ያርፋል። ቀስት የሚያሳየው የኤሌክትሮኖችን ጉዞ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ያሉት ቦንዱ ላይ ነው። ፈተና ላይ ለመካኒዝም ነጥብ ከተሰጠ ነጥቡ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ሌላው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ውኃው ዙሪያውን ከቦ እያለ ሃይድራይዷ እንዴት ቀደመችው? ምክንያቱም ከቦታዋ ብዙ መራቅ አይጠበቅባትም። ሲጀመር ኤሌክትሮኖቿን ወደ ጎረቤቱ ባዶ ኦርቢታል በከፊል ታዋጣ ነበር፣ ያንን ከፊል መዋጮ ሙሉ ማድረግ ብቻ ነው። C3-H ቦንዱ ከባዶው ኦርቢታል ጋር ትይዩ ሲሆን ትሻገራለች። የምትሻገረውን ኮረብታ የኃይል ከፍታ ብንለው በጣም ዝቅ ያለ ነው።

ግን ውኃውም ሁልጊዜ አይቀደምም። አንዳንዱ ካታዮን ሳይቀየር ውኃ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ማሰሮው ውስጥ ጥቂት 3-ሜቲል-2-ቢዩታኖልም ሊኖር ይችላል። "ዋናው ውጤት" የምንለው ለዚህ ነው። አሲዱ ከበረታና ጊዜው ከረዘመ ያ ጥቂቱም አልኮል ፕሮቶን ይዞ ውኃውን ጥሎ ወደ ካታዮኑ ሊመለስ ይችላል፣ ያኔ ሌላ ዕድል ያገኛል። እርምጃዎቹ ሁሉ ተመላሽ ናቸውና።

ደረጃ 5 እና 6፦ ውኃ፣ ፕሮቶን ማስወጣት፣ ከዚያ ስም

አሁን ውኃው በኦክስጅኑ ኤሌክትሮን ጥንድ ተርሸሪውን ካርቦን ይይዛል። ከዚያ ሌላ የውኃ ሞለኪውል ትርፉን ፕሮቶን ይወስዳል፣ አሲዱም ይመለሳል።

```
(CH3)2C(+)-CH2CH3  + H2O  -->  (CH3)2C(OH2+)-CH2CH3
(CH3)2C(OH2+)-CH2CH3 + H2O -->  (CH3)2C(OH)-CH2CH3 + H3O+
```

ስም ስታወጡ የአልኪኑን ቁጥር እርሱት። ካልረሳችሁት OH "C3" ላይ ነው ብላችሁ 3-ሜቲል-3-ቢዩታኖል የሚል የተሳሳተ ስም ትጽፋላችሁ። እንደ አዲስ ለOH ቅርብ ከሆነው ጫፍ ቁጠሩ፦ CH3 አንድ፣ OH ያለበት ሁለት። ሜቲሉም ሁለት ላይ። 2-ሜቲል-2-ቢዩታኖል።

ሃይድሮጅን ከሌለስ?

አሁን C3 ላይ ያለችውን ሃይድሮጅን አውጥተን በሜቲል እንተካት፦ 3,3-ዳይሜቲል-1-ቢዩቲን። ሦስት ሜቲል ያለው ካርቦን ከድርብ ቦንዱ አጠገብ ተቀምጧል። ፕሮቶኑ C1 ላይ ያርፋል፣ C2 ሰከንደሪ ይሆናል። ጎረቤቱ C3 ሃይድሮጅን የለውም። ታዲያ ይቆማል? አይቆምም። ሜቲሉ ራሱ ከነኤሌክትሮኖቹ ይሻገራል።

```
(CH3)3C-CH(+)-CH3  -->  (CH3)2C(+)-CH(CH3)2  -->  (CH3)2C(OH)-CH(CH3)2
```

ውጤቱ 2,3-ዳይሜቲል-2-ቢዩታኖል ነው። ይሄኛው ካርቦን የሚያዛውር ስለሆነ የአጽሙ ቅርጽ ራሱ ይቀየራል። ስትጨርሱ ካርቦኖቹን ቁጠሩ፤ ስድስት ገብተው ስድስት መውጣት አለባቸው። ተማሪዎች ሜቲሉን አዲሱ ቦታ ላይ ይጽፉና ከአሮጌው ቦታ መሰረዝ ይረሳሉ፣ ሰባት ካርቦን ይወጣል። ይህን ዓይነቱን ሽግግር በካርቦካታዮን መንገድ አብራርተው መሠረት ካስያዙት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ፍራንክ ዊትሞር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1932።

ጎረቤቱ ካርቦን ሃይድሮጅንም ሜቲልም ካለው፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ምሳሌያችን፣ ለምን ሃይድሮጅኗ ትሄዳለች? የመጨረሻውን ካታዮን ተመልከቱ። ሃይድሮጅኗ ስትሄድ ተርሸሪ ይቀራል። ሜቲሉ ቢሄድ ግን C3 ሃይድሮጅኑን ይዞ ሰከንደሪ ሆኖ ይቀራል፣ ምንም አላተረፍንም። መልሱ ያለው ሄያጁ ላይ ሳይሆን በሚቀረው ካርቦን ላይ ነው።

የማይቀየርበት ቦታ

ነገሩ ሲገባችሁ ደግሞ ሁሉም ቦታ ላይ ማዛወር ያምራችኋል። ተጠንቀቁ።

2-ሜቲልፕሮፒን ሲጀመር ተርሸሪ ይሰጣል፣ የሚሄድበት የተሻለ ቦታ የለም። ፕሮፒንም እንደዛው፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ፕራይመሪ ናቸው። 1-ቢዩቲን ላይ ሃይድራይድ ከC3 ወደ C2 ብትዛወርም ከሌላው ጫፍ ስትቆጥሩት ያው 2-ቢዩታኖል ነው። 1-ሄክሲን ላይ ግን ከሰከንደሪ ወደ ሰከንደሪ መሸጋገር ይቻላል፤ ትርፍ ባይኖረውም ኪሳራም የለውም፣ ስለዚህ ከ2-ሄክሳኖል ጋር 3-ሄክሳኖልም ይወጣል።

ዋናው ወጥመድ 4-ሜቲል-1-ፔንቲን ነው።

```
CH2=CH-CH2-CH(CH3)2
```

ካታዮኑ C2 ላይ ነው። ተርሸሪ መሆን የሚችለው C4 ነው። ብዙ ሰው ሃይድራይዷን ከC4 ወደ C2 አዝልሎ 2-ሜቲል-2-ፔንታኖል ይጽፋል። በአንድ ዝላይ አይሆንም፤ ሽግግሩ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ብቻ ነው። መጀመሪያ ከC3 ወደ C2 ትሄዳለች፣ ያ ከሰከንደሪ ወደ ሰከንደሪ ነው፤ ከዚያ ነው ከC4 ወደ C3 የምትሄደው። ሁለት እርምጃ ስለሚፈልግ ውኃው በመሃል የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፣ ድብልቅ ጠብቁ። ወረቀት ላይ መልሱን ብትጽፉም ሁለቱንም ቀስቶች ለየብቻ ሣሉ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ በምን እናውቃለን?

ሁለቱ አልኮሎች ያው C5H12O ናቸው፣ በክብደት አይለዩም። የሚፈሉበት ሙቀትም ቅርብ ለቅርብ ነው፤ 2-ሜቲል-2-ቢዩታኖል በ102 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ 3-ሜቲል-2-ቢዩታኖል በ112 ገደማ። (አልኪኑ ራሱ በ20 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ጠርሙሱን ሳታቀዘቅዙ አትክፈቱት፣ እሳትም አጠገቡ አይኑር።)

ቀላሉ ምርመራ የአዮዶፎርም ፈተና ነው። ናሙናው ላይ አዮዲንና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምራችሁ ለብ ስታደርጉት፣ CH3-CH(OH)- የሚል ቁራጭ ያለው አልኮል ቢጫ ዝቃጭ ይሰጣል፤ ሽታውም የድሮ የሐኪም ቤት ሽታ ነው። 3-ሜቲል-2-ቢዩታኖል ይህ ቁራጭ አለው። 2-ሜቲል-2-ቢዩታኖል የለውም። ግን ቢጫ አየሁ ብላችሁ "ሽግግር አልተደረገም" አትበሉ፤ ድብልቁ ውስጥ ያለ ጥቂት ሰከንደሪም ቢጫ ሊያመጣ ይችላል። ቢጫው ሰከንደሪው መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግርም።

አልኮሉን በHClና በZnCl2 ወደ ክሎራይድ የሚቀይረው የሉካስ ፈተና ደግሞ ሌላውን ይነግራል። ተርሸሪው ወዲያው ይደፈርሳል፣ ሰከንደሪው ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ፦ የሉካስ ፈተና ራሱ በካርቦካታዮን በኩል ስለሚሄድ 3-ሜቲል-2-ቢዩታኖል እዚያው ፈተናው ውስጥ ሃይድራይዱን አዛውሮ ተርሸሪ ክሎራይድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍጥነቱን ተመልከቱ እንጂ የሚወጣውን ክሎራይድ አይታችሁ ወደ አልኮሉ አትመለሱ።

NMR ካላችሁ ጭቅጭቅ የለም። የፕሮቶን NMR ላይ ወደ 3.5 ppm አካባቢ OH ባለበት ካርቦን ላይ ያለች ሃይድሮጅን ከታየች ሰከንደሪው አለ። ከሌለች፣ ይልቁንም ወደ 1.2 አካባቢ ስድስት ሃይድሮጅን የያዘ አንድ ነጠላ ጉልህ ጫፍና የኢታይል ቡድን አራት-ጫፍና ሦስት-ጫፍ ከታዩ ተርሸሪው ነው። የሁለቱን ስፋት በማወዳደርም ምን ያህል በመቶ እንደተዛወረ ታሰላላችሁ።

አንድ የተንኮል ጥያቄ ላክል፣ ምክንያቱም ይሄ ነው መካኒዝሙን ያስወደደኝ። አንድ ሰው "ሃይድራይድ አልተዛወረችም፤ ካታዮኑ ፕሮቶኑን ከC3 ለውኃ ሰጥቶ 2-ሜቲል-2-ቢዩቲን ሆነ፣ ከዚያ እንደገና C2 ላይ ፕሮቶን ይዞ ተርሸሪ ሆነ" ቢላችሁ በምን ትመልሱታላችሁ? ሁለቱም መንገድ አንድ አልኮል ይሰጣል። C3 ላይ ያለችውን ሃይድሮጅን በዲዩቴሪየም ተኩ። በቀጥታ ከተዛወረች ዲዩቴሪየሙ ጎረቤቱ ላይ ይገኛል፦

```
(CH3)2CD-CH=CH2   -->   (CH3)2C(OH)-CHD-CH3
```

ለውኃው ከተሰጠ ግን ዲዩቴሪየሙ ውኃው ውስጥ ይጠፋል፣ አልኮሉ ላይ አናየውም። አንድ አቶም ብቻ ቀይራችሁ ሁለት ታሪኮችን ትለያላችሁ።

ያልተዛወረውን አልኮል ብፈልግስ?

አሲዱን ማሳሳት ወይም ማቀዝቀዝ አይበቃም። ካታዮኑ ነፃ ሆኖ ከተፈጠረ ሽግግሩ አብሮት አለ። መፍትሔው ነፃ ካታዮን የማይፈጠርበት መንገድ መምረጥ ነው።

ኦክሲመርኩሬሽን ውስጥ አልኪኑ በመጀመሪያ ውኃና THF ውስጥ ካለ Hg(OAc)2 ጋር ይገናኛል። ሜርኩሪው ሁለቱንም ካርቦኖች እንደ ድልድይ ይይዛቸዋል፤ ቻርጁ ድልድዩ ላይ ስለሚጋራ C2 ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሆንም፣ ሃይድራይዷም የምትጠራበት ባዶ ቤት አታገኝም። ውኃው C2ን ይይዛል፣ ቀጥሎ NaBH4 ሜርኩሪውን በሃይድሮጅን ይተካል። ከ3-ሜቲል-1-ቢዩቲን ያ መጀመሪያ የጠበቅነው 3-ሜቲል-2-ቢዩታኖል ይወጣል። በBH3 ጀምራችሁ በH2O2ና NaOH ብትጨርሱ ደግሞ OH C1 ላይ ያርፋል፣ 3-ሜቲል-1-ቢዩታኖል ታገኛላችሁ፤ እዚያም ካታዮን ስለሌለ ሽግግር የለም።

ከአንድ አልኪን ሦስት የተለያዩ አልኮሎች ማለት ነው፣ እንደ መንገዱ። ሜርኩሪውን ግን የምትጠቀሙት የግድ ሲሆን ብቻ ነው። ጨዎቹ መርዝ ናቸው፤ በጓንትና በአየር መምጠጫ ስር ይሠራል፣ ቆሻሻው ለብቻው በተሰየመ ጠርሙስ ይጠራቀማል እንጂ መታጠቢያው ላይ አይደፋም።